ለአዲስ ተከራይ የምልከው የእንኳን ደህና መጡ መልእክት፦ ምን ልጨምር፣ ምን ላውጣ?

አዲስ_አከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ሳከራይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስቲ እርዱኝ። ቤቱ ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ጡረተኛ አባት ይኖራሉ፤ ከወላጆቼ ጊዜ ጀምሮ ተከራይ ናቸው። ፎቁ ላይ እኛው ነበርን። አሁን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ቦታ ስለገባን ፎቁን ለባልና ሚስት ከነልጃቸው አከራየሁት። ውል ተፈራርመናል፣ ቅዳሜ ይገባሉ።

ቁልፍ ሳስረክብ በስልክ የምልክላቸውን መልእክት ጽፌ ነበር። ባለቤቴ አንብቦ «ይሄ እንኳን ደህና መጡ ነው ወይስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ?» አለኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳነበው ግን አልተሳሳተም። እነሆ፦

> ውድ ተከራዮች፣ እንኳን ወደ ቤታችን በደህና መጡ። የሚከተሉትን ደንቦች እንዲያከብሩ በጥብቅ እናሳስባለን። ማንኛውም ዓይነት ጫጫታ የተከለከለ ነው። ቆሻሻ በአግባቡ መወገድ አለበት። ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። ሳያሳውቁ እንግዳ ማሳደር አይፈቀድም። ደንብ የጣሰ ቅጣት ይከፍላል። ለማንኛውም ድንገተኛ ችግር በቅድሚያ ለእኔ ይደውሉ። መልካም ቆይታ።

ሌላ ስድስት «ክልክል ነው» ነበረበት፤ እሱን ቆርጬ ነው ያመጣሁላችሁ። ምን ትላላችሁ?

ብርቱካን77

እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት መልእክት የሚልክ አከራይ ቤት እንዳትገቢ። ገና ሳትገቢ ቅጣት ካለሽ፣ ከገባሽ በኋላማ አስቢው። ቅድሚያ ከፍለሽ ከሆነ በጊዜ አስመልሺ። እኔ አንዱ ጋ ሦስት ወር ተሰቃይቻለሁ፤ መብራት ስንት ሰዓት እንዳጠፋሁ ሁሉ ይቆጥር ነበር።

አዲስ_አከራይ

ኧረ ብርቱካን፣ አከራይዋ እኔ ነኝ!

ብርቱካን77

ውይ። ይቅርታ እህቴ። ግን አየሽ፣ ሰው ሲያነበው ምን እንደሚሰማው ነገርኩሽ ማለት ነው።

ቧንቧ_ጠጋኝ

«ለማንኛውም ድንገተኛ ችግር በቅድሚያ ለእኔ ይደውሉ» የምትለዋን መስመር አጥፊያት። ከሁሉም ክልክሎችሽ ይልቅ ቤትሽን የምትጎዳው እሷ ናት።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። በአንድ ቤት ከወጥ ቤቱ እቃ ማጠቢያ ሥር ያለችው ተጣጣፊ ቱቦ ሌሊት ፈነዳች። ተከራዩ ልክ እንደታዘዘው ለአከራዩ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ባልዲ ደቀነ፣ ፎጣ ነጠፈ፣ ደግሞ ደወለ። ጠዋት ተጠርቼ ስደርስ የሳሎኑ የእንጨት ወለል እንደ ማዕበል ተነስቶ ነበር። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ስጠይቀው አያውቅም። ፈልጌ ፈልጌ ከቁም ሣጥን ጀርባ አገኘሁት። ሰውየው ራሱ ነው ሲገባ ቁም ሣጥኑን እዚያ ያቆመው፤ ማንም አልነገረውም። ከእንዲህ ያለ ቱቦ በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ቢወጣ በሰዓት 600 ሊትር ነው። አንቺ በመኪና እስክትደርሺ ድረስ ማለት ነው።

ስለዚህ ተከራይሽ መጀመሪያ መዝጋት፣ ከዚያ መደወል ነው ያለበት። መልእክትሽ ውስጥ ሦስት ነገር የት የት እንዳለ ይጻፍ፤ ውሃው ከየት እንደሚዘጋ፣ መብራቱ ከየት እንደሚጠፋ፣ ጋዝ ካለ ጋዙ ከየት እንደሚዘጋ። «ከኋላ በኩል» ብለሽ እንዳትጽፊ። «ከመታጠቢያ ቤቱ በር በስተግራ፣ ነጩን ትንሽ መዝጊያ ሲከፍቱ ቀይ እጀታ ያለው» ብለሽ ጻፊ። ፎቶ አንሺና ክብ አድርጊበት። ሌሊት በድንጋጤ የሚያነብ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያነበው።

አዲስ_አከራይ

እግዜር ይስጥህ። እውነቱን ልንገርህ? እኛ ራሳችን ስንት ዓመት ስንኖር ዋናውን መዝጊያ ነክቼው አላውቅም። ደረጃው ሥር አንድ ክብ እጀታ እንዳለ ብቻ ነው የማውቀው። ጋዙ ሲሊንደር ነው፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ ቱቦው በግድግዳ ቀዳዳ አልፎ ወጥ ቤት ይገባል።

ሁሉን_ሞካሪ

ስለ ጋዝ እኔ ልጨምር። ቤት ውስጥ የጋዝ ሽታ ከሸተታቸው ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ መስኮት በሙሉ ይክፈቱ፣ ከዚያ ማራገቢያ አብርተው ሽታውን ወደ ውጭ ያስወጡ። እኛ ቤት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ቶሎ ይጠፋል።

ቧንቧ_ጠጋኝ

@ሁሉን_ሞካሪ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትክክል ናቸው። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ዕድል ይዞህ ነው። ማራገቢያውን ስታበራ ማብሪያው ውስጥ በዓይን የማትታይ ብልጭታ አለች፤ ሞተሩም ራሱ ብልጭ ሊል ይችላል። የተጠራቀመ ጋዝ ካለ ለእሱ ያቺ ትበቃዋለች። ሽታ ባለበት ቤት ምንም አይበራም፣ የበራም አይጠፋም። ማብሪያ አትነካም፣ ሶኬት አትነቅልም፣ ቤት ውስጥ ሆነህ ስልክ አትደውልም። በመንገድህ ላይ በርና መስኮት ትከፍታለህ፣ ሲሊንደሩ ጋ ያለ አደጋ መድረስ ከቻልክ ትዘጋለህ፣ ሰዉን ይዘህ ትወጣለህ። የምትደውለው ውጭ ሆነህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ስለዚህ መስኮት ብቻ አይበቃም፣ ከወለል ጀምሮ የሚከፈት በርም ይከፈት። በዋና መስመር የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በተቃራኒው ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል።

ሁሉን_ሞካሪ

እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ትንሽ ትንሽ ሽታ ሲመጣ ከየት እንደሆነ በክብሪት እንፈትሽ የሚሉም አሉ፣ እሱን እንኳ አድርጌ አላውቅም።

ቧንቧ_ጠጋኝ

ተመስገን። የሳሙና ውሃ ነው የሚደረገው። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ትቀባለህ፤ አረፋው እያበጠ ከመጣ ያፈስሳል ማለት ነው፣ ዝጋው። ይሄ ግን ሽታ ለሌለበት የዘወትር ፍተሻ ነው። ቤቱ በጋዝ ሽታ ከታወደ ፍተሻ የለም፣ መውጣት ነው።

ጥሪ_ተቀባይ

የድንገተኛ ጥሪ ስልክ ላይ ሠርቻለሁ። ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ስልክ ስናነሳ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት ነዎት?» ነው። ቤት ከገባ ሁለት ቀን የሆነው ሰው ይሄን መመለስ አይችልም። በደንብ አስታውሳለሁ፣ አንዲት ሴት ልጇ ራሱን ስቶ «ቡናማ በር ያለው ቤት ነው፣ ቡናማ በር» እያለች ታለቅስ ነበር። ሰፈሩን ታውቃለች፣ ቤቱን ግን ለሌላ ሰው አስረድታ አታውቅም።

የድንገተኛ ክፍሉ ላይ ከሁሉ በላይ አድራሻውን ጻፊ። በስልክ ላይ በቀጥታ ሊያነቡት በሚችሉት መንገድ ይሁን፦ የመንገዱ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከየትኛው ትልቅ ነገር አጠገብ እንደሆነ፣ መኪና ከየት በኩል እንደሚገባ፣ ስንተኛ ፎቅ። ከሥሩ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ቁጥር። ያንቺ ቁጥር ሦስተኛ ላይ ይምጣ። ቅር አይበልሽ።

አዲስ_አከራይ

ምን ቅር ይለኛል። እንዲያውም እኔም ብሆን በስልክ ላስረዳ ብዬ ሞከርኩ፣ «ከትልቁ ዛፍ አልፈህ» ብዬ ነው የጀመርኩት። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል።

ሕግ_ጠቃሽ

ስለ ቅጣቱ ማንም አላነሳም። እህቴ፣ መልእክቱን ልከሽ «እሺ» ብለው ከመለሱልሽ እንደ ውል ነው፤ ቅጣቱን ማስከፈል ትችያለሽ። «እሺ» ማስባሉን እንዳትረሺ።

ዝም_ባይ

@ሕግ_ጠቃሽ፣ በጽሑፍ የተለዋወጡት ነገር ማስረጃ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ግን ውል ከተፈረመ በኋላ በስልክ መልእክት አዲስ ግዴታና አዲስ ቅጣት መጨመር ሌላ ነገር ነው። እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ግን አንዱ ወገን ብቻውን የጨመረው ነገር አይጸናም። ሰው «እሺ» የሚለው «ደርሶኛል» ለማለትም ነው።

ቅጣት የሚያስፈልግሽ ከሆነ ውሉ ላይ መግባት ነበረበት። መልእክቱ ውሉ ላይ ያለውን በቀላል ቋንቋ የሚያስታውስና ውሉ የማይነግራቸውን የሚነግር ይሁን። ውል የቆሻሻ መኪና መቼ እንደሚመጣ አይነግርም።

ሕግ_ጠቃሽ

እኔ አሁንም «እሺ» ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

የሦስተኛ_ፎቅ

ስለ ቆሻሻው እኔ ልናገር፣ ደርሶብኛልና። የእኔም አከራይ «ቆሻሻ በአግባቡ ይወገድ» ብሎ ነበር የጻፈልኝ። በአግባቡ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ማታ ማታ ፌስታሌን በደንብ አስሬ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ለእኔ አግባብ እሱ ነው። ለካ የሚነሳው ሳምንት ሙሉ ቆይቶ ነው። ድመትና ውሻ ቀዳደው መንገዱን ሞሉት። ጎረቤት ሁሉ በግልምጫ ያየኛል፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት አከራዩ ደውሎ ጮኸብኝ። አንድ መስመር ቢጽፍልኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይወጣል፣ የት ቦታ ይቀመጣል፣ በምን ውስጥ፣ ባዶውን በርሜል ማን ይመልሳል። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔና ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ የተኳረፍነው በእሷ ነው።

ቧንቧ_ጠጋኝ

ቆሻሻ ላይ እኔም አንድ አለኝ፣ በሙያዬ በኩል። የተጠበሰበት ዘይት እቃ ማጠቢያ ውስጥ እንዳይደፋ ጻፊ። ሲሞቅ ፈሳሽ ነው፣ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይረጋል። ሙቅ ውሃ ብታስከትዪበትም ትንሽ ራቅ አድርጎ ነው የሚያረጋው፣ እኔ ልደርስበት የማልችልበት ቦታ። ቀዝቅዞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይከደንና ከቆሻሻው ጋር ይሂድ። የእናንተ ቤት ሁለቱ ፎቆች በአንድ መውረጃ ከሆነ የሚወርዱት፣ ላይኛው የደፋው ዘይት የሚዘጋው የታችኛውን ነው። የሚገነፍለው ምድር ቤት ያሉት አባት ቤት ነው።

ጥሪ_ተቀባይ

የሞባይልና የሚሞላ ባትሪ ሁሉ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል። የቆሻሻ መኪና ሲጨፈልቀው እሳት ያስነሳል። የተሰበረ ብርጭቆ በወፍራም ወረቀት ይጠቅለል፣ ፌስታሉን የሚያነሳው ሰው እጅ አለው። ከዚህ በላይ አትዘርዝሪ፣ አያነቡትም።

ታች_ነዋሪ

እኔ ምድር ቤት ነዋሪ ነኝ። (ያንቺ ቤት አይደለሁም፣ አትደንግጪ።) ስለ ጫጫታው የጻፍሽው ነገር ምንም አይጠቅመኝም። «ማንኛውም ጫጫታ ክልክል ነው» ስትዪ ተከራዮቹ ሙዚቃ የሚለው ነው የሚገባቸው። እነሱም ሙዚቃ አይከፍቱም፣ ስለዚህ ደንብ ያከበሩ ይመስላቸዋል። እኔን የሚያሳብደኝ ወንበር ነው። ከላይ ያሉት እራት በልተው ሲነሱ አራት ወንበር በአንዴ ጥርርር... ጣሪያዬ ላይ። ሁለተኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ ሲታጠብ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ሲጨምቅ። ሦስተኛው ተረከዙ ጠንካራ ጫማ። ላይ ላለው ሰው እነዚህ ድምፅ አይደሉም፣ በአየር ሳይሆን በወለሉ ነው የሚወርዱት። በርና መስኮት ብዘጋም አይቀንስም።

ስለዚህ ድምፆቹን በስማቸው ጥሪያቸው። የወንበር እግር ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጨርቅ አንቺው ገዝተሽ አስቀምጪላቸው፣ ደንብ ከመጻፍ ይሻላል። ማሽኑም እግሮቹ እኩል መሆናቸውን እዪ፤ አንዱ እግር ከተንጠለጠለ ሲጨምቅ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። እግሮቹ ይዞራሉ፣ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ብርቱካን77

ልጅ አላቸው ብላለች እኮ። ልጅ ሌሊት ቢያለቅስ ደንብ ጣሱ ልትሉ ነው?

ታች_ነዋሪ

ኧረ በጭራሽ። እሱንም እንድትጽፍ ነው የምፈልገው። «የልጅ ለቅሶን አንቆጥርም» የምትል አንዲት መስመር ብታይ ያቺ እናት ምን ያህል እንደሚቀላት። ልጄ ሕፃን ሳለ ጎረቤት እንዳይሰማ ሌሊቱን በመታጠቢያ ቤት ይዤው አሳልፌ አውቃለሁ።

ዝም_ባይ

ሰዓቱን ስትጽፊ «ከምሽቱ» እና «ከጠዋቱ» የሚለውን እንዳትረሺ። «ከ4 እስከ 12 ፀጥታ» ብሎ የጻፈ አውቃለሁ፤ አንዱ በስልኩ ሰዓት ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ገባው። ደግሞም ሰዓቱ ምድር ቤት ላሉት አባትም ይሠራል ወይ? ለእሳቸው ካልነገርሽ ለላይኞቹ ብቻ የተጻፈ ደንብ ይሆናል። አባት ጠዋት በ11 ሰዓት ሬዲዮ ቢከፍቱ ላይኞቹ ማን ጋ ነው አቤት የሚሉት?

አዲስ_አከራይ

ዛሬ ቤቱ ሄጄ ነበር። አባትን አነጋገርኳቸው። ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ግን ንጋት ላይ ጓሮውን እንደሚጠርጉ ነገሩኝ፣ ሳቅን። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በሚለው ተስማማን፤ መጥረጉንም ከ1 በኋላ አደርገዋለሁ አሉ። እሳቸው እንዳሉኝ እኛ በነበርንበት ጊዜ ሁሉ የልጆቼን ኳስ ድምፅ ችለው ነው የኖሩት። ስንት ዓመት አንድም ቀን ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ መዝጊያውን ልሞክር ብዬ ደረጃው ሥር ገባሁ። ክብ እጀታው ንቅንቅ አይልም። በጨርቅ ይዤ ስታገል ትንሽ ዞረ፣ እስከ መጨረሻው ዘጋሁት መሰለኝ። ላይ ወጥቼ ቧንቧ ስከፍት ቀጭን ውሃ አሁንም ይወርዳል። ቧንቧ ጠጋኝ፣ ምንድን ነው ያደረግኩት? ሰበርኩት?

ቧንቧ_ጠጋኝ

አልሰበርሽውም፣ ቀድሞም ሠርቶ አያውቅም ይሆናል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ቧንቧ ስትከፍቺ የሚወርደው ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ያለውን ቧንቧ ከፍተሽ ጠብቂ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከቆመ መዝጊያው ይሠራል። ቀጭኑ ውሃ ሳይቀንስ ከቀጠለ መዝጊያው ያሳልፋል።

ክብ እጀታ ብዙ ጊዜ ጌት ቫልቭ ነው። ውስጡ ወደ ታች የሚወርድ ምላስ አለው። ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ቆሻሻ ይጋግርበትና እስከ ታች አይወርድም። በመፍቻ እንዳታስገድጂው፤ ዘንጉ ከተቆረጠ ተዘግቶ ወይም ተከፍቶ ይቀራል። በቦል ቫልቭ አስቀይሪው። እጀታዋ ረጅም ናት፣ በቱቦው አቅጣጫ ስትሆን ክፍት፣ ቱቦውን ስታቋርጥ ዝግ። ሩብ ዙር ብቻ ነው። በጨለማም በእጅ ዳብሶ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ስትዘጊው የማን ውሃ ነው የጠፋው?

አዲስ_አከራይ

አልቆመም፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ይወርዳል። የማን ውሃ ነው ላልከው... አባት ወጥተው «ውሃው ቀጠነብኝ» አሉኝ። የጋራ ነው ማለት ነው! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የፎቁ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቧንቧ_ጠጋኝ

ጠርጥሬ ነበር። እንግዲህ መልእክትሽ ላይ ይሄም ይግባ፣ «ሲዘጉት የምድር ቤቱም ይዘጋል፣ በራቸውን አንኳኩተው ይንገሯቸው» ብለሽ። አቅም ካለሽ ወደ ፎቁ በሚወጣው መስመር ላይ ለብቻው አንድ ቫልቭ ይጨመር። የውሃ ማሞቂያ በርሜል ካለ ደግሞ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ብሬከሩ ይጥፋ፤ በርሜሉ ጎድሎ ማሞቂያው በባዶ ከሠራ ይቃጠላል።

አዲስ_አከራይ

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሁለቱም ቫልቭ ተገጠመ። መልእክቱንም እንደገና ጻፍኩት። ሁለት አድርጌዋለሁ፤ ድንገተኛው ለብቻው እንዲገኝ። እሱን በወረቀትም አትሜ የብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። አድራሻና ስልኮቹን እዚህ አላወጣም።

> ጤና ይስጥልን። እንኳን ደህና መጡ፤ ቤቱ የሰላም ይሁንላችሁ። አምፖሎቹን ሁሉ አይተናል፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ግን ሲዘጋ ትንሽ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይገባም።
>
> ቆሻሻ የሚነሳው ረቡዕ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ክዳን ባለው አረንጓዴ በርሜል ውስጥ፣ ከውጭ በር በስተቀኝ ይቀመጥ። ባዶውን አንድ ሳምንት እናንተ፣ አንድ ሳምንት የምድር ቤቱ አባት ይመልሱታል። የመጀመሪያው ሳምንት የእሳቸው ነው። የተጠቀማችሁበትን ዘይት እባካችሁ እቃ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉ፤ መውረጃው ከምድር ቤቱ ጋር አንድ ነው። ባትሪ ከቆሻሻው ጋር አይጣል፣ ለእኔ አስቀምጡልኝ። የተሰበረ ብርጭቆ በወረቀት ይጠቅለል።
>
> ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ወለሉ ጸጥ ይበል። ወደ ታች ጎልቶ የሚሰማው የሚጎተት ወንበር፣ ጠንካራ ጫማና የማጠቢያ ማሽኑ ሲጨምቅ ነው። ለወንበሮቹ እግር የሚለጠፍ ስፖንጅ መሳቢያው ውስጥ አለ። የልጅ ለቅሶና ጨዋታ በዚህ አይቆጠርም። ሰዓቱ ለምድር ቤቱም እኩል ነው፤ የሚረብሻችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ።
>
> ሚስማር ለመምታት ስትፈልጉ ደውሉልኝ፣ ሽቦና ቱቦ የሚያልፍበትን አሳያችኋለሁ።

ሁለተኛው፦

> ድንገተኛ ሲያጋጥም፦ ይህ ቤት የሚገኘው (አድራሻው፣ መግቢያው)። የእሳት አደጋ፣ አምቡላንስ (ቁጥሮቹ)። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ መጀመሪያ እነሱ ጋ፣ ከዚያ እኔ ጋ።
>
> ውሃ ከፈሰሰ፦ ደረጃው ሥር፣ ከላይ ያለውን ሰማያዊ እጀታ ቱቦውን እስኪያቋርጥ ያዙሩት። የእናንተ ብቻ ይዘጋል። እሱ ካልበቃ ከታች ያለውን ቀዩን፤ ይሄኛው የምድር ቤቱንም ይዘጋል፣ አባትን ያንኳኩ። ውሃው መብራት ወይም ሶኬት ከነካ ማብሪያ አይንኩ። የብሬከር ሳጥኑና የቆማችሁበት ወለል ደረቅ ከሆነ ዋናውን ወደ ታች ያውርዱ፣ ካልሆነ ይውጡ።
>
> ጋዝ ከሸተተ፦ ምንም አያብሩ፣ ምንም አያጥፉ። በርና መስኮት እየከፈቱ ይውጡ። በረንዳው ላይ ያለውን ሲሊንደር በሰላም መድረስ ከቻሉ ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉት። ውጭ ሆነው ይደውሉ።
>
> መብራቱ ደጋግሞ ከጠፋባችሁ፦ ብሬከሩን በግድ አትመልሱ። ሶኬት ላይ ያለውን ሁሉ ነቅላችሁ አንድ ጊዜ መልሱት፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየሰካችሁ የትኛው እንደሚያጠፋው እዩ። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ከወደቀ ተዉት፣ ደውሉልኝ።
>
> የእኔ ስልክ፣ የባለቤቴ ስልክ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ። ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ። እኛን ካጣችሁን ውሃ ለማስቆም ሠራተኛውን በቀጥታ ጥሩ፣ ሂሳቡ በእኔ ነው።

ጥሪ_ተቀባይ

ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ጥሩ ናት። ሰው ሌሊት ሠራተኛ የማይጠራው «ማን ይከፍላል» ብሎ ፈርቶ ነው።

ሁሉን_ሞካሪ

የዘይት እሳት አልገባም። ድስት ላይ ዘይት ቢቀጣጠል ውሃ እንዳይደፉ፤ ምድጃውን አጥፍተው ክዳን ይክደኑበት። ይሄን እንኳ በእርግጠኝነት አውቃለሁ።

ጥሪ_ተቀባይ

ልክ ነህ። ተከድኖም ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አይከፈት፣ ድስቱንም አያንቀሳቅሱ። በአንዴ ካልተከደነ ትተው ይውጡ፣ በሩን ከኋላቸው ይዝጉ።

ዝም_ባይ

ትርፍ ቁልፉስ? አንቺ ጋ አለ? ከሌሉ ውሃ ቢፈስ ከፍተሽ ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም? ይሄ አልተጻፈም።

የሦስተኛ_ፎቅ

አከራይ ቁልፍ መያዝ የለበትም። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ አልጋዬ ላይ የተቀመጠበት ምልክት አግኝቼ አውቃለሁ።

ቧንቧ_ጠጋኝ

በር ስንሰብር የዋልንበት ቀንም አለ። የታሸገ ፖስታ ውስጥ ምድር ቤት አባት ጋ ይቀመጥ፣ ተከራዩ ራሱ ፈርሞበት። ፖስታው ከተከፈተ ይታወቃል።

የሦስተኛ_ፎቅ

አባት ጋ ከሆነ... እሱንም እነሱ ከፈለጉ ብቻ። ውል ላይ ምን ይላል?

አዲስ_አከራይ

ውሉ ላይ ስለ ቁልፍ ምንም የለም። ቅዳሜ ራሳቸውን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉ ይቅር።

አዲስ_አከራይ

ከገቡ አሥረኛ ቀናቸው ነው። የቁልፉን ነገር «እናስብበት» አሉኝ፣ እስካሁን እያሰቡ ነው። ትናንት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የእነሱን ስም ሳይ ጫማዬን ማድረግ ጀምሬ ነበር። «እትዬ፣ ነገ ነው እንዴ ቆሻሻ የሚነሳው?» አለችኝ።

የሦስተኛ_ፎቅ

በርሜሉ ክዳን ላይ በማርከር «ረቡዕ» ብለሽ ጻፊበት።

አዲስ_አከራይ

አባት ዛሬ ጠዋት ጽፈውበታል።